እኔ ጋ ሲከፈት ሌላ ሆኖ መጣ

አዲስ አበባ ያለ የውሃ ፕሮጀክት ባለሙያ የ2016 በጀት ዓመት ሁለተኛ ሩብ ዓመት ሪፖርቱን ጨርሶ ባሕር ዳር ላለ ባልደረባው በቴሌግራም ይልካል እንበል። ሪፖርቱ በወርድ የተጻፈ 14 ገጽ ነው፤ አብሮት የተጠገኑ የውሃ ተቋማት የተዘረዘሩበት የኤክሴል ሠንጠረዥ አለ። አዲስ አበባ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነበር። ባሕር ዳር ሲከፈት ግን ሽፋኑ ላይ «አዲስ አበባ» ተብሎ የተጻፈው xÄ!S xbÆ ሆኖ ታየ፤ 14ቱ ገጽ 15 ሆነ፤ ኅዳር 5 የተጠናቀቀው ጉድጓድ ደግሞ ጥር 3 የተጠናቀቀ መሰለ።

ተቀባዩ በዕድሜ ታናሽ ነው። ሪፖርቱ በማግስቱ ለክልሉ ቢሮ መቅረብ አለበት። ዝም ብሎ አስተካክሎ ቢያቀርበው የታላቁን ሥራ ያለፈቃዱ ነካው ማለት ነው። «ሪፖርትዎ ተበላሽቷል» ብሎ ቢመልሰው ደግሞ ላኪው የራሱን ኮምፒውተር ከፍቶ ያያል፤ እዚያ ምንም ብልሽት የለም። «እኔ ጋ ደህና ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ ቀኑም በዚሁ ያልቃል። ስለዚህ የሚጻፈው መልእክት ምን እንደታየ፣ ለምን እንደታየ፣ ምን እንደተነካና ምን እንዳልተነካ ለይቶ መናገር አለበት። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ብልሽቱን መለየት ያስፈልጋል። ሦስቱም ችግሮች መንስኤያቸው የተለያየ ነው።

የሽፋኑ ጽሑፍ ችግር የቆየ ነው። ግዕዝ በዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው የግዕዝ ቅርጽ ያሰፍሩበት ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው x ነው፤ ፎንቱ ግን በ x ቦታ አ ይሥላል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ x ራሱ ብቅ ይላል። እንዲህ ያለ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከአንዱ ዓመት ሪፖርት ወደ ቀጣዩ እየተገለበጠ የመጣ ነው፤ ላኪው አሮጌ ፎንት መያዙን ላያስታውሰው ይችላል። ፎንቱን ወደ አዲስ መቀየርም አይፈውሰውም፤ ከሥር ያለው ፊደል ላቲን ስለሆነ በየትኛውም ዘመናዊ ፎንት ላቲን ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው በኮድ መለወጫ ማሳለፍ ወይም እንደገና መተየብ ነው። ሽፋኑ አራት መስመር ብቻ ስለነበር ባሕር ዳር ያለው ባለሙያ መተየቡን መረጠ። ከመተየቡ በፊት ግን ላኪውን የገጹን ፎቶ በስልክ አንስቶ እንዲልክለት ጠየቀ። የመሥሪያ ቤት ስም በግምት አይጻፍም።

የገጹ መጨመር ከዚህ የተለየ ነው። የሪፖርቱ ገላ በንያላ ተጽፏል፤ ንያላ ዩኒኮድ ፎንት ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ ግን ንያላ ለብቻው የሚጨመር እንጂ ሁሌም ተጭኖ የሚገኝ አይደለም። በሌለበት ጊዜ ወርድ በሌላ ፎንት፣ አብዛኛውን ጊዜ በኤብሪማ፣ ይተካዋል። ፊደሉ ስለሚነበብ የተለወጠ ነገር ያለ አይመስልም፤ የፎንቱ ስም በሚታይበት ሳጥን ውስጥም አሁንም Nyala ተብሎ ተጽፎ ይታያል። የፊደሉ ስፋት ግን ይለያያል፤ መስመሮች ይረዝማሉ፣ ሠንጠረዥ ለሁለት ይከፈላል፣ ማውጫው የሚጠቁመው ገጽና ርዕሱ ያለበት ገጽ አይገናኙም። እውነቱን ማየት የፈለገ File፣ Options፣ Advanced ውስጥ ገብቶ Font Substitution የሚለውን ሲጫን የትኛው ፎንት በየትኛው እንደተተካ ያገኛል። እዚህ ጥገናው ቀላል ነው፤ ንያላን ጭኖ ማውጫውን ማደስ ይበቃል። ይዘቱ አይነካም።

ከሁሉም የከበደው ቀኑ ነው። ኤክሴል እዚህ ቀንን የሚያውቀው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የአዲስ አበባው ባለሙያ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሎ ሊመዘግብ 05/03/2016 ሲጽፍ፣ ኮምፒውተሩ ማርች 5፣ 2016 እ.ኤ.አ. ብሎ ተቀበለው። ለዓይን ልክ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ባሕር ዳር ያለው ኮምፒውተር ግን በአሜሪካ ልማድ ወርን የሚያስቀድም ነው፤ ያንኑ ቀን 3/5/2016 አድርጎ አሳየው። አማርኛ አንባቢ ደግሞ ይህን ጥር 3 ብሎ ነው የሚያነበው። ሁለተኛው ሩብ ዓመት ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ስለሆነ፣ ጥር 3 የተጠናቀቀ ሥራ በዚህ ሪፖርት ውስጥ ቦታ የለውም። የክልሉ ገምጋሚ ይህን ቢያይ ሪፖርቱ የቀጣዩን ሩብ ዓመት ሥራ አስገብቶ ቆጠረ ሊል ይችላል።

ባለሙያው የቀኑን ዓምድ ወደ ታች ሲያይ ሁለት ሕዋሶች ከሌሎቹ ተለይተው አገኘ። ሌሎቹ ተገልብጠው በቀኝ ጠርዝ ሲቆሙ፣ ሁለቱ 30/02/2016 እንደተባሉ በግራ ጠርዝ ቀርተዋል። ጥቅምት 30 ናቸው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ፣ ኤክሴል ሁለቱን ቀን ብሎ ሳይሆን ተራ ጽሑፍ ብሎ ነው የያዛቸው። ጽሑፍ ደግሞ በቀን አይቆጠርም። የተጠናቀቁትን ተቋማት የሚቆጥረው ቀመር ይህ ነበር፦

```
=COUNTIFS(D2:D50,">="&DATE(2016,2,1),D2:D50,"<="&DATE(2016,4,30))
```

ውጤቱ 47 ነው። ባዶ ያልሆኑትን ሕዋሶች ሁሉ የሚቆጥረው `=COUNTA(D2:D50)` ግን 49 ይሰጣል። ሁለቱ የጥቅምት 30 ጉድጓዶች ከአዲስ አበባ ሲነሱም አልተቆጠሩም ነበር። የሩብ ዓመቱ ዕቅድ 50 ተቋማት ስለነበር፣ ሪፖርቱ አፈጻጸሙን 94 በመቶ ብሏል፤ ሁለቱ ሲገቡ 98 በመቶ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የመልእክቱ ባሕርይ የሚለወጠው። ፎንት መጫንና ማውጫ ማደስ የመልክ ጥገና ነው፤ ተሠራ ብሎ ማሳወቅ ይበቃል። 47ን 49 ማድረግ ግን የሪፖርቱን ቃል መለወጥ ነው፤ ምናልባት ሁለቱ ጉድጓዶች ሆን ተብለው የተተዉ፣ የርክክብ ሰነዳቸው ያልተሟላ ሊሆኑ ይችላሉ። ያንን የሚያውቀው ላኪው ብቻ ነው። ሁለቱን የጥገና ዓይነቶች በአንድ ዝርዝር ውስጥ የደባለቀ መልእክት፣ ምንም ያህል በትሕትና ቢጻፍ፣ አንባቢውን ያሳስታል። «ፎንቱን፣ ማውጫውንና አንዳንድ ቁጥሮችን አስተካክያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨዋ ይመስላል፤ ነገር ግን ከባዱን ነገር በቀላሎቹ መሐል ይደብቀዋል።

ባለሙያው ቢጽፈው መልካም የሚሆነው መልእክት እንዲህ ያለ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የሁለተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት ደርሶኛል፤ የገጹንም ፎቶ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ጋ ባለው ኮምፒውተር ሲከፈት እርስዎ ጋ እንደሚታየው አልሆነም። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10 ነው፤ ቪዥዋል ግዕዝና ንያላ አልነበሩበትም፤ ቀንንም ወር አስቀድሞ ነው የሚያሳየው። የላኩትን ፋይል እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፤ የሠራሁት ስሙ መጨረሻ ላይ «የታረመ» በሚለው ቅጂ ላይ ነው።

ያስተካከልኳቸው እነዚህ ናቸው። ሽፋኑን በላኩልኝ ፎቶ መሠረት በንያላ እንደገና ተይቤዋለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ። ንያላን ጭኜ ማውጫውን አድሻለሁ፤ ገጹ ወደ 14 ተመልሷል። በኤክሴሉ ላይ ቀኑን በቀን፣ በወርና በዓመተ ምሕረት ለይቼ በሦስት አዲስ ዓምዶች አስቀምጫለሁ፤ የእርስዎ ዓምድ ከጎኑ አለ።

ያልነካሁት አንድ ነገር አለ፤ የእርስዎን ውሳኔ ይፈልጋል። ጥቅምት 30 የተጠናቀቁት ሁለት ጉድጓዶች፣ ረድፍ 18 እና 31፣ በድምሩ ውስጥ አልገቡም። ኤክሴል ይህን ቀን ስለማያውቀው ይመስለኛል። ቢገቡ 47ቱ 49፣ 94 በመቶውም 98 ይሆናል። ሆን ብለው ትተዋቸው ከሆነ እንዳለ ይቆያል። ወርዱ ላይ ገጽ 6 አጠገብ ማስታወሻ ጽፌበታለሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለቢሮው ስለማቀርበው ዛሬ ማታ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። አክባሪዎ።»

ትሕትናው «ጋሼ» እና «እርስዎ» በሚሉት ቃላት ብቻ አልተወሰነም። ብልሽቱ የተነገረው ባለሙያው በሚያየው ኮምፒውተር በኩል ነው፤ ያም እውነት ነው። የቀኑም ጉድለት የላኪው ግድየለሽነት ሳይሆን የኤክሴል ውሱንነት ነው፤ መልእክቱም ይህንኑ ብሎ ያልፋል። ረድፉና ገጹ በቁጥር መነገሩም አክብሮት ነው፤ ታላቁ ሰው 14 ገጽ እንዲያስስ አልተደረገም።

ቀኑን ወደ ሦስት ዓምድ መለየት ብዙ አያደክምም። ኮምፒውተሩ በየትኛውም ልማድ ቢያሳየው ከሥር ያስቀመጠው አንድ ነው፤ `=DAY(D2)` 5፣ `=MONTH(D2)` ደግሞ 3 ይሰጣል፤ ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው። በጽሑፍ የቀሩትን ሁለቱን ግን በእጅ መተየብ ያስፈልጋል። እንዲህ የተቀመጠ ቀን ጳጉሜን ጨምሮ የትም ቢከፈት አይገለበጥም። በቀናት መካከል ያለውን ልዩነት ለማስላት ግን አሁንም አይሆንም፤ ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ያለውን 30 ቀን ኤክሴል ፌብሩዋሪ መስሎት 29 ይለዋል።

ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ላኪው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ወርድ ውስጥ File፣ Options፣ Save ገብቶ Embed fonts in the file የሚለውን መምረጥ ነው፤ ፎንቱ የሚፈቅድ ከሆነ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይጓዛል። ከዚያም በላይ የሚጠቅመው ከወርዱ ጎን ፒዲኤፍ ቅጂ መላክ ነው፤ ተቀባዩ ገጹ እንዴት መታየት እንዳለበት ከዚያ ያያል፤ ፎቶ መጠየቅም አይኖርበትም። የኤክሴሉን ቀን ግን ፒዲኤፍ አያድነውም፤ እሱ ገና ሲመዘገብ በሦስት ዓምድ መጀመር አለበት።