ሦስተኛው ቀን፦ የአራስ ሴፕሲስ የመጀመሪያ ምልክቶችና አስቸኳይ ሕክምናው



ዛሬ የምናገረው ከወሊድ በኋላ ስለሚነሣው የማህፀን ኢንፌክሽንና ወደ ሴፕሲስ ስለሚሸጋገርበት መንገድ ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ጠበብ አድርጌ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ብቻ እይዛለሁ። በእነዚህ ቀናት እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጤና ተቋም ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ስለዚህ በሽታው ሲጀምር በቅድሚያ የሚያያት ሐኪም ሳይሆን አራስ ጠያቂ ነው።

የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሲላቀቅ ሰፊ ቁስል ትቶ ይሄዳል። በቁስሉ ላይ የረጋ ደምና የሞተ ሕብረ ሕዋስ አለ፤ የማህፀን አፍም ገና አልተዘጋም። ለባክቴሪያ ከዚህ የተመቸ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። የሽርት ውሃ ፈስሶ ምጡ ከተራዘመ፣ በእጅ የሚደረገው የውስጥ ምርመራ ከተደጋገመ፣ ወይም የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ውስጥ ከቀረ አደጋው ይጨምራል። ከሁሉም በላይ ግን አደጋውን ከፍ የሚያደርገው በቀዶ ሕክምና መውለድ ነው።

ነገሩን ለማስተማሪያ ባቀናበርሁት ታሪክ ልከተለው። ክብደቷ 55 ኪሎ ግራም የሆነ የ24 ዓመት ወጣት፣ የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ከ20 ሰዓት በኋላ በጤና ጣቢያ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ በማግስቱም ወደ ቤቷ ተሸኘች። በሦስተኛው ቀን ማታ ብርድ ብርድ አላት፣ ተንቀጠቀጠች። አንዷ ጎረቤት «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ አሸተተቻት፤ ሌላዋ ደግሞ «ጡቷ ወተት አጋተ እንጂ ሌላ አይደለም» አለች። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ሙቀቷ 38.7 ዲግሪ፣ የልብ ምቷ በደቂቃ 124፣ ትንፋሿ 28፣ የደም ግፊቷ 95 በ60 ነበር። ፈጣን የወባ ምርመራው ነጻ መሆኗን አሳየ።

የጎረቤቷ ግምት መሠረት የሌለው አይደለም። ጡት ሲያግት ሙቀት ሊጨምር ይችላል፤ ይሁን እንጂ ይህ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን አይዘልቅም፣ እናቲቱንም እንዲህ አያዳክማትም። ዋናው ነገር ይህን ምክንያት መቀበል የሚቻለው ማህፀኑ ከተመረመረ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው። ወባ በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ የወባ ምርመራው አዎንታዊ ቢሆን እንኳ የማህፀን ኢንፌክሽንን አያስቀርም፤ ሁለቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ሆዷ ሲዳሰስ የማህፀኗ አናት ገና እምብርቷ አጠገብ ተገኘ። ማህፀን ከወሊድ በኋላ በየቀኑ በግምት አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ስለሚወርድ፣ በአራተኛው ቀን ከእምብርት ሦስት ወይም አራት ጣት ዝቅ ብሎ መገኘት ነበረበት። በተጨማሪም ማህፀኗ ለስላሳ ነው፣ ሲጫኑት ያማታል፣ ፈሳሹም ይሸታል። ሙቀት፣ ሲነካ የሚያም ማህፀን፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ እንዲሁም በወጉ ያልሰበሰበ ማህፀን አንድ ላይ ሲገኙ ምርመራው በአልጋው አጠገብ አልቋል፤ ላቦራቶሪ አይጠበቅም። የልብ ምቱና የትንፋሹ ፍጥነት ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ኢንፌክሽኑ ከማህፀን አልፎ መላ አካሏን እየጎዳ ነው። ሴፕሲስ የምንለው ይህንኑ ነው፤ አካል ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ የራሱን ብልቶች መጉዳት ሲጀምር። ወጣት እናቶች የደም ግፊታቸውን ለረጅም ጊዜ ጠብቀው ስለሚቆዩ፣ ግፊቱ እስኪወድቅ የጠበቀ ባለሙያ ዘግይቷል።

ስለ ሽታው ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነውና። ሽታውን በአብዛኛው የሚያመጡት ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ከአንጀት የሚመጣው ኢ. ኮላይ ናቸው፤ ኢንፌክሽኑም ብዙውን ጊዜ የአንድ ሳይሆን የበርካታ ባክቴሪያዎች ቅይጥ ነው። በፍጥነት የሚገድለው ግን ሌላ ነው። ይህም ቡድን ኤ የሚባለው ስትሬፕቶኮከስ ሲሆን፣ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1879 ፓሪስ ላይ የአራስ ትኩሳት መንሥኤ መሆኑን ያመለከተው፣ እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ባክቴሪያ ነው። እርሱ ሲገባ ፈሳሹ ጥቂትና ሽታ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ በምርመራ ከሚገኘው ምልክት ይልቅ እጅግ የበረታ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናትም ሊጀምር ይችላል። እንግዲህ «ፈሳሿ አይሸትም» የሚለው ማስታወሻ እናቲቱ ደኅና ለመሆኗ ማስረጃ አይሆንም። ይህ ባክቴሪያ በሰዎች ጉሮሮ ውስጥ ስለሚኖር ምንጩ አዋላጇ፣ የቤት ውስጥ ሕፃን፣ ወይም ጉሮሮዋን እያመማት አራስ ልትጠይቅ የመጣች ዘመድ ልትሆን ትችላለች።

ወደ ታካሚያችን እንመለስ። አንቲባዮቲክ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ በደም ሥር መሰጠት አለበት። የደም ናሙና ለካልቸር ማስቀረት ከተቻለ አስቀድሞ ይወሰዳል፤ ሆኖም ለናሙናው ተብሎ መድኃኒቱ አይዘገይም። ተመራጩ ጥምረት ክሊንዳማይሲን 900 ሚሊ ግራም በየስምንት ሰዓቱና ጄንታማይሲን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ለእርሷ 275 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ክሊንዳማይሲን በሌለበት አምፒሲሊን 2 ግራም በየስድስት ሰዓቱና ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በየስምንት ሰዓቱ ከጄንታማይሲን ጋር ይሰጣል። ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ ከተጠረጠረ ፔኒሲሊንና ክሊንዳማይሲን አብረው መሰጠት ይኖርባቸዋል፤ ክሊንዳማይሲን ባክቴሪያው መርዝ እንዳያመርት ስለሚያግድ። ጄንታማይሲን ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል እናውቃለን፤ ስለዚህ የሽንቷ መጠንና ክሬቲኒኗ እየታዩ ቀጣዩ መጠን ይወሰናል እንጂ የመጀመሪያው መጠን በፍርሃት አይቀርም።

ከዚህ ጎን ለጎን ፈሳሽ በ500 ሚሊ ሊትር እየተከፈለ በፍጥነት ይሰጣታል፤ ከእያንዳንዱ በኋላ የልብ ምቷ፣ ግፊቷና ሳንባዋ ዳግም ይታያል። ካቴተር ገብቶ ሽንቷ ይለካል፤ በሰዓት ወደ 30 ሚሊ ሊትር ካልደረሰ ኩላሊቷ በቂ ደም እያገኘ አይደለም። ጤና ጣቢያው ከዚህ በላይ ማድረግ ካልቻለ የመጀመሪያውን መጠን ሰጥቶ፣ የሰጠበትን ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጽፎ ይልካታል። መድኃኒቱ ሆስፒታል ስትደርስ ይጀመርላታል ብሎ መላክ ግን ጉዞው የሚፈጀውን ሰዓት ሁሉ ለባክቴሪያው መስጠት ነው።

ሆስፒታል በተደረገላት አልትራሳውንድ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ተገኘ። ቁራጩ እያለ አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ሞተ ሕብረ ሕዋስ ደም ስለማይደርስ መድኃኒቱም አይደርስምና። ማህፀኑ የሚጸዳው መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ሙቀቱ እስኪወርድ ግን አይጠበቅም። በኢንፌክሽን የላላ ማህፀን በቀላሉ ስለሚበሳ ይህን የሚሠራው ልምድ ያለው እጅ መሆን ይገባዋል።

በ48 ሰዓት ውስጥ ሙቀቷ ካልበረደ መድኃኒት ከመቀየር በፊት የቀረ ነገር እንፈልጋለን፤ ገና ያልወጣ ቁራጭ፣ በዳሌ ውስጥ የቋጠረ መግል፣ የተመረዘ የቀዶ ቁስል፣ ወይም በዳሌ ደም ሥር የረጋና የተበከለ ደም። ማህፀኑ ራሱ ከበሰበሰ ሕይወቷን የሚያተርፈው ማህፀኑን ማውጣት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለውሳኔውም ብዙ ጊዜ የለም። ሙቀቷ 48 ሰዓት ያህል ሳይመለስ ከቆየና የደም ካልቸሯ ንጹሕ ከሆነ የደም ሥር መድኃኒቱ ይቆማል፤ በአፍ የሚወሰድ ተጨማሪ አንቲባዮቲክ አያስፈልጋትም። ሕፃኑም በዚያው ቀን ይመረመራል፤ እናቱን ያገኛት ባክቴሪያ እርሱንም አግኝቶት ሊሆን ይችላልና። አቅም ካላት ማጥባቷን ትቀጥላለች።