ከጅዳ የተመለሱት በጎች፦ የጥራት ጉድለት ዋጋ የሚከፈለው የት ነው?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2003 ኮርሞ ኤክስፕረስ የተባለች መርከብ ከአውስትራሊያው ፍሪማንትል ወደብ ያሳፈረቻቸውን 57 ሺሕ ያህል በጎች ይዛ ጅዳ ደረሰች። የወደቡ የእንስሳት ሐኪሞች ከበጎቹ 6 በመቶ ያህሉ የአፍ እከክ በሽታ አለባቸው አሉ፤ የተፈቀደው ከፍተኛው መጠን ደግሞ 5 በመቶ ነበር። በመርከቧ ላይ የነበረው የአውስትራሊያ ሐኪም በበኩሉ የታመሙት ከ1 በመቶ በታች ናቸው ሲል ተከራከረ። ሆኖም ጭነቱ አልተራገፈም። መርከቧ ተቀባይ ፍለጋ ከሁለት ወር በላይ በባሕር ላይ ቆየች፤ በመጨረሻም በጥቅምት መገባደጃ ኤርትራ በጎቹን በምጽዋ ወደብ ተቀበለች። እስከዚያ ድረስ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሞቶ ነበር። የአውስትራሊያ መንግሥትም መንጋውን ከገዢው መልሶ ለመግዛት 4.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያህል ለመክፈል ተገደደ።

ይህ ታሪክ የጥራት ባለሙያዎች ወጪን እንዴት እንደሚከፋፍሉ በግልጽ ያሳያል። አሜሪካዊው አርማንድ ፋይገንባም እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ የጥራትን ወጪ የመከላከያ፣ የምርመራና የጉድለት ብሎ ለይቶ አቅርቦ ነበር። ዛሬ የጉድለት ወጪ ለሁለት ተከፍሎ፣ ምድቦቹ አራት ሆነዋል። መከላከያ የሚባለው ጉድለቱ ከነአካቴው እንዳይፈጠር የሚወጣው ነው፤ ለምሳሌ ክትባትና የእረኞች ሥልጠና። ምርመራ ጤነኛውን ከታመመው ለመለየት የሚከፈለው ነው። የውስጥ ጉድለት፣ በሽታው መንጋው ገና በሻጩ እጅ ሳለ ሲገኝ የሚደርሰው ኪሳራ ነው። የውጭ ጉድለት የሚባለው ደግሞ ችግሩ ገዢው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ሲገለጥ የሚከተለው ሁሉ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ነጋዴ እያንዳንዳቸው 400 ሪያል የሚያወጡ 10 ሺሕ በጎችን ወደ ጅዳ ይልካል እንበል፤ የጭነቱ ዋጋ 4 ሚሊዮን ሪያል ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ለክትባት 20 ሺሕ፣ ለሐኪም ምርመራ 30 ሺሕ ሪያል አወጣ። በማቆያው 100 የታመሙ በጎች ተገኙና በቅናሽ ስለተሸጡ በእያንዳንዳቸው 100፣ በድምሩ 10 ሺሕ ሪያል ከሰረ። ጅዳ ሲደርስ ግን 300 በጎች ከጥቅም ውጪ ሆኑ፤ ይህ 120 ሺሕ ነው። መርከቧም በክርክሩ ምክንያት ሦስት ቀን ቆመች፤ በቀን 40 ሺሕ ሲታሰብ ሌላ 120 ሺሕ ሆነ። ጠቅላላ የጥራት ወጪው 300 ሺሕ፣ ማለትም ከጭነቱ ዋጋ 7.5 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ 240 ሺሁ የውጭ ጉድለት ነው።

በሁለተኛው ጉዞ ነጋዴው መከላከያውን ወደ 60 ሺሕ፣ ምርመራውን ወደ 40 ሺሕ ሪያል አሳደገ። በማቆያው የተለዩት በጎች 300 ደረሱ፤ ኪሳራውም 30 ሺሕ ሆነ። ጅዳ ላይ የጎደሉት 50 ብቻ ናቸው፣ 20 ሺሕ ሪያል፤ መርከቧም አልዘገየችም። ድምሩ 150 ሺሕ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ነጋዴው 50 ሺሕ ሪያል ጨምሮ ከጉድለት ኪሳራው 200 ሺሕ ቀነሰ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። የውስጥ ጉድለት ከ10 ወደ 30 ሺሕ ማደጉ ሲታይ ሥራው የተበላሸ ይመስላል። ነገር ግን ያው የታመመ በግ በማቆያው 100 ሪያል፣ ጅዳ ላይ ግን 400 ሪያልና የመርከብ መዘግየት ያስከፍላል። ስለዚህ አንዱን ምድብ ነጥሎ ከማየት ይልቅ የአራቱን ድምር ማየት ይገባል። ወሰንም አለው፦ ለክትባትና ለምርመራ የሚጨመረው ቀጣይ 10 ሺሕ ሪያል ከጉድለቱ 10 ሺሕ የማይቀንስ ከሆነ፣ መጨመሩ በሂሳብ አያዋጣም።

ሆኖም በመዝገብ የማይሰፍር ወጪም አለ፤ እሱም የጠፋ እምነት ነው። ከኮርሞ ኤክስፕረስ በኋላ አውስትራሊያ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ በጎች መላክ አቆመች፤ ንግዱ የታደሰው ሁለቱ አገሮች በ2005 ከተስማሙ በኋላ ነው። በስምምነቱ መሠረት የምርመራው ውጤት ምንም ይሁን ምን እንስሳቱ በ36 ሰዓት ውስጥ ይራገፋሉ። ሁለት ሐኪሞች አንድን መንጋ አይተው በቁጥር ሊለያዩ እንደሚችሉ የታወቀው በጅዳ ወደብ ላይ ነበር፤ ይህ ግን በፍሪማንትል ከመጫኑ በፊት መክሰም የነበረበት ልዩነት ነው።

ጉድለቱ ጅዳንም አልፎ መካ ከደረሰ ዋጋው ሌላ ነው። ለመሥዋዕት የሚቀርብ በግ ግልጽ ሕመም፣ አንካሳነት ወይም የዓይን ጉዳት ካለበት ለኡድሒያ አይበቃም። በእርድ ስፍራ የሚጣለው በግ የግዢውን፣ የመርከቡንና የመኖውን ወጪ ሁሉ ተሸክሞ የደረሰ ነው፤ የሐጅ ቀናት ደግሞ ምትክ እስኪመጣ አይጠብቁም።