የአንዲት ሳንቲም ልዩነት የማይፈጥር የኢንቮይስ ቅጽ

በጀርመን መደበኛው ቫት 19 በመቶ ነው። እያንዳንዳቸው 10.30 ዩሮ የሆኑ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ሸጣችሁ፣ ቫቱን በየረድፉ አሰላችሁ እንበል። የአንዱ ቫት 1.957 ቢሆንም ሴሉ 1.96 ብሎ ያሳያል። ደንበኛው የሚያየውን ሲደምር 5.88 ያገኛል፤ ድምሩ ግን 5.87 ይላል። የሚታየውን አሃዝ ማሳጠር መልኩን እንጂ ቁጥሩን አይለውጥምና።

ስለዚህ ቫቱን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዕቃዎቹ ድምር ላይ አስልታችሁ በ ROUND አጠጋጉት። በጉግል ሺትስ F1 ላይ 19% ጻፉ። አምድ B ብዛት፣ C ነጠላ ዋጋ ይሁን።

```
D5:  =IF(B5="","",ROUND(B5*C5,2))
D21: =SUM(D5:D20)
D22: =ROUND(D21*F1,2)
D23: =D21+D22
```

የ D5ን ቀመር እስከ D20 ጎትቱት፤ ያልተሞላ ረድፍ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሦስቱን ዕቃዎች ስታስገቡ D23 ላይ 36.77 መምጣት አለበት። ቀመሩ ስህተት ካለ የፋይሉን የአገር ቅንብር እዩ፤ ጀርመን ከሆነ በቀመሩ ውስጥ በ , ፋንታ ; ይጻፋል፣ ዋጋውም 10,30 ይሆናል።

7 በመቶ የሚከፈልበት ዕቃ ካለ የራሱ ድምርና የራሱ የቫት መስመር ያስፈልገዋል። ባዶውን ቅጽ አትንኩት፤ ለእያንዳንዱ ሽያጭ ቅጂ አውጡ።