በክሪስታል ውስጥ የኢነርጂ ክፍተት ከየት ይመጣል?

በክሪስታል ውስጥ አዮኖች እኩል ተራርቀው ተደርድረዋል፤ ርቀታቸውን a እንበለው። ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ስለሚጓዝ ከእያንዳንዱ አዮን ጥቂት ይንጸባረቃል። አብዛኛውን ጊዜ ነጸብራቆቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ሞገዱም ያልፋል። የሞገዱ ርዝመት 2a ሲሆን ግን፣ እስከ ቀጣዩ አዮን ደርሶ መልሱም 2a ስለሆነ፣ ነጸብራቆቹ ይደጋገፋሉ። ያን ጊዜ ሂያጁና ተመላሹ ተደምረው ቋሚ ሞገድ ይሆናሉ።

ይህም በሁለት ዓይነት ይቆማል። በአንደኛው ኤሌክትሮኑ በብዛት የሚገኘው አዮኖቹ ላይ ነው፤ ስለሚስቡት ኢነርጂው ዝቅ ይላል። በሁለተኛው በአዮኖቹ መካከል ስለሚገኝ ኢነርጂው ከፍ ይላል። በሁለቱ ኢነርጂዎች መካከል ለኤሌክትሮን ቦታ የለም፤ ክፍተት የሚባለው ይህ ነው። ከበታቹና ከበላዩ ያሉት የተፈቀዱ ኢነርጂዎች ደግሞ ባንድ ይባላሉ።

የሲሊከን ክፍተት 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ስለሆነ የሚታይ ብርሃን ኤሌክትሮኑን ያሻግረዋል። የአልማዝ ግን 5.5 ያህል ነው፤ ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን ማሻገር ስለማይችል ሳይዋጥ ያልፋል። ንጹሕ አልማዝ ወዲያ ማዶውን የሚያሳየውም ለዚህ ነው።