አንድ ዓመት፣ ሁለት የግብር ውሳኔ

አንድ ነጋዴ የሥራ ቦታውን ከአንድ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ሲያዛውር ዕቃውና ሠራተኛው አብረውት ይሄዳሉ፤ የግብር ፋይሉ ግን በቀድሞው ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ሊቀር ይችላል። ከዚህም የተነሣ ለአንድ የግብር ዓመት ሁለት ጽሕፈት ቤቶች የተለያየ የክፍያ ውሳኔ ይልካሉ። ችግሩ እንዴት እንደሚፈጠርና በምን ሥርዓት እንደሚፈታ በአንድ ምሳሌ እንመለከታለን።

በአዲስ አበባ የሂሳብ መዝገብ እየያዘ የሚሠራ አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ አለ እንበል። የ2014 የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ባለሙያው እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ በቀድሞው ቦታ ሠርቶ 70,000 ብር አተረፈ። ከየካቲት 1 ቀን ጀምሮ በአዲሱ ቦታ በ5 ወር ውስጥ 50,000 ብር አተረፈ። የቀድሞው ጽሕፈት ቤት መዛወሩን ስላላወቀ ዓመቱን ሙሉ እንደሠራ ቆጥሮ ትርፉን በግምት 144,000 ብር አደረገና 32,400 ብር ክፈል አለው። አዲሱ ጽሕፈት ቤት በበኩሉ የ5 ወሩን ትርፍ ብቻ ይዞ 6,370 ብር ወሰነበት።

ባለሙያው ሁለቱንም ቢከፍል 38,770 ብር ያወጣል። ይህ ትክክል አይደለም። በሌላ በኩል «የቀድሞው 7 ወሩን፣ አዲሱ 5 ወሩን ይወስኑልኝ» ብሎ ቢጠይቅም አያስኬድም። በዚያው ዓመት ይሠራበት በነበረው ማስከፈያ ልክ ለ70,000 ብር ትርፍ 10,720፣ ለ50,000 ብር ደግሞ 6,370 ብር ይደርሳል፤ ድምሩ 17,090 ብር ነው። ነገር ግን ከግብር ነፃ የሆነውና ዝቅተኛ ልክ የሚከፈልበት የገቢ እርከን ለአንድ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ እንጂ ሁለት ጊዜ አይሰጥም። ስለሆነም የሁለቱ ቦታ ትርፍ ተደምሮ 120,000 ብር ይሆናል፤ በዚህም ላይ የሚታሰበው ግብር 24,540 ብር ነው። በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች አንዱም ይህን አይመስልም።

መፍትሔው የሚጀምረው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ በማንበብ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የግብሩ ዓይነትና የግብር ዘመኑ በሁለቱም ላይ አንድ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። አንዱ የግለሰቡ ሌላው እርሱ ባለድርሻ የሆነበት ማኅበር ከሆነ፣ ወይም አንዱ የትርፍ ግብር ሌላው የቤት ኪራይ ግብር ከሆነ፣ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የማኅበር ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ላይሆን ስለሚችልም «2014» የሚለው ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መደራረቡ ከተረጋገጠ ቀኑ መቆጠር ይጀምራል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለአንደኛው ጽሕፈት ቤት የተሰጠ ደብዳቤ የሌላውን ቀን አያስቆምም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ውሳኔ የየራሱ ቅሬታ ሊጻፍ ይገባል። በክልል ያሉ ግብር ከፋዮች በየክልላቸው አዋጅ ስለሚተዳደሩ የቀኑን ገደብ ከዚያው ማረጋገጥ አለባቸው።

በቅሬታው ላይ «ሁለት ጊዜ ተጠየቅሁ» ብሎ ማልቀስ ብቻ አይበቃም። የትኛው አኃዝ እንደማይስማማው፣ ምን ያህል መሆን እንዳለበትና ምክንያቱ በግልጽ መጻፍ አለበት። ባለሙያችን የሁለቱን ውሳኔዎች ቅጂ፣ አድራሻ የለወጠበትን ማስረጃ፣ የሁለቱን ቦታዎች የኪራይ ውልና የ12 ወሩን የሂሳብ መዝገብ ያያይዛል። አዲሱን ጽሕፈት ቤት የሁለቱ ቦታ ትርፍ በአንድነት እንዲሰላ ይጠይቃል፤ የቀድሞውን ደግሞ የግምት ውሳኔውን ሰርዞ ፋይሉን በመሸኛ ደብዳቤ እንዲያዛውር ያመለክታል። የማይከራከርበትን ግብር ሳይከፍል የቀረበ ቅሬታ ተቀባይነት ስለሌለው 24,540 ብሩን ከፍሎ የደረሰኙን ቅጂ ከሁለቱም ማመልከቻዎች ጋር ያያይዛል። በእጁ በሚቀረው ቅጂ ላይም መዝገብ ቤቱ ቀንና ማኅተም እንዲያሳርፍበት ያደርጋል።

ቅሬታው ውድቅ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይባላል። መልስ ሳይሰጥ 180 ቀን ቢያልፍም ይህ መንገድ ክፍት ነው። ሆኖም ይግባኙ የሚመዘገበው ክርክር ካለበት ግብር ግማሹ ሲከፈል ስለሆነ ጉዳዩን በቅሬታው ደረጃ መጨረስ ይቀላል።

የችግሩ ምንጭ ግን ቀደም ብሎ ሊደፈን ይችል ነበር። አዋጁ የአድራሻ ለውጥ በ30 ቀን ውስጥ እንዲገለጽ ያዝዛል። ባለሙያው ከየካቲት 1 ቀን በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ለቀድሞው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስታውቆ የመሸኛውን ቅጂ ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ 32,400 ብር የሚለው ወረቀት ባልተጻፈም ነበር።