በ15 ብርጭቆ የሚከደን ወጪ

አሶሳ ውስጥ ለብድር የሚቀርብ የጁስ ቤት ቢዝነስ ፕላን እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ራዕዩ፣ ተልዕኮውና የገበያ ጥናቱ ከአንዱ ፕላን ወደ ሌላው እየተገለበጠ ስለሚመጣ ስሙ ብቻ ነው የሚቀየረው። መጨረሻ ላይ ግን «ብሬክ ኢቨን» የሚል ርዕስ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ሱቁ ሳይከስርም ሳያተርፍም የሚውልበት የሽያጭ መጠን በአንድ ቁጥር ተቀምጧል። ፋይሉን የሚመረምረው ሰው ጊዜ ከሌለው ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ቁጥሩ አነስ ካለ ፋይሉ ያልፋል። ፕላን እየጻፉ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ አንሶ እንዲመጣ ያደርጉታል። የሐሰት አኃዝ መጻፍ እንኳ አያስፈልጋቸውም። አንዳንድ ወጪዎችን መተው ይበቃቸዋል።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ጁስ ቤት ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የየዕለቱን ዋጋ እናንተው ትተኩበታላችሁ።

የማንጎ ጁስ በብርጭቆ 60 ብር ይሸጣል። በየወሩ፣ ሰው መጣም አልመጣም፣ የሚከፈለው ይህ ነው፦ ኪራይ 6,000፣ የአንዲት ሠራተኛ ደመወዝ 4,000፣ መብራትና ውኃ 1,500፣ ጥበቃና ልዩ ልዩ 500። ለፍሪጅና ለጁስ መፍጫ የወጣው 72,000 ብር ለአምስት ዓመት ሲከፋፈል ደግሞ በወር 1,200 ይሆናል። ድምሩ 13,200 ብር፤ ቋሚ ወጪ የምንለው ይህ ነው።

ተለዋዋጩ ከብርጭቆው ጋር የሚወጣው ነው፤ አብዛኛው ስህተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። ማንጎ በኬሻ ወይም በመደብ ስለሚገዛ ብዙ ሰው በኪሎ ስንት እንዳወጣበት አያውቅም። ኪሎውን ቢያውቅ እንኳ የሚሸጠው ኪሎውን አይደለም። ከ10 ኪሎ ማንጎ ውስጥ አንድ ኪሎ ያህሉ በስሎ ያለፈ ወይም የተበላሸ ይሆናል፤ ልጣጩና ፍሬው 3 ኪሎ ተኩል ይወስዳል እንበል፤ ለጁስ የሚተርፈው 5 ኪሎ ተኩል ነው። ወፈር ላለ አንድ ብርጭቆ 275 ግራም ከገባ፣ 10 ኪሎው 20 ብርጭቆ ይወጣዋል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ የሚበላው ግማሽ ኪሎ የተገዛ ማንጎ ነው። ይህን በግምት ሳይሆን በሚዛን እወቁት፤ አንድ ኬሻ ገዝታችሁ ልጣጩን፣ ፍሬውንና የተጣለውን ለየብቻ መዝኑ። በተለይ በእኛ አካባቢ የሚጣለው እየጨመረ ነው። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ መጀመሪያ የታየው ነጩ የማንጎ ተባይ ወደ አሶሳም ዘልቆ ልጣጩን ነጠብጣብ ያደርገዋል፤ ማንጎው በደንብ ሳያድግ ይቀራል።

በወቅቱ ማንጎ በኪሎ 30 ብር ከተገዛ ግማሹ ኪሎ 15 ብር ነው። ስኳር 6 ብር፣ ስትሮና ሶፍት 3 ብር፣ በረዶና የተጣራ ውኃ 2 ብር። ጠቅላላ 26 ብር። ከ60 ላይ 26 ሲነሳ 34 ብር ይቀራል። ያ 34 ብር ገና ትርፍ አይባልም፤ ቋሚ ወጪውን ለመሸፈን ከእያንዳንዱ ብርጭቆ የሚዋጣ ነው። 13,200ን ለ34 ስናካፍል 389 ብርጭቆ በወር ይመጣል፤ በ26 የሥራ ቀን ደግሞ በቀን 15። ገጹ ላይ የተጻፈው ይህ 15 ነው። 15 ብርጭቆ የማይሸጥ ጁስ ቤት ማን ይከፍታል? ፋይሉ ያልፋል።

አሁን ስለቀሩት ወጪዎች ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ።

አንዲት የጁስ ቤት ባለቤት ፕላኗን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ ወረቀቱ 15 ይላል። እኔ በቀን 20 እሸጣለሁ፤ ግን ኪራይ ለመክፈል ከእህቴ እበደራለሁ። የቱ ጋ ነው የሚፈሰው?» አለችኝ። «ለራስሽ በወር ስንት ትወስጃለሽ?» አልኳት። «እኔማ ደመወዝ የለኝም፤ የሱቁ ባለቤት እኮ ነኝ» አለች። አስቤዛው፣ የልጆቹ ደብተር፣ ለቅሶና ሠርግ ግን ከመሳቢያው ነው የሚወጣው። በወር 5,000 ብር ያህል ሆኖ አገኘነው። ፕላኑ ላይ አንድ ሳንቲም አልተጻፈለትም። ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ የምትሠራው እሷ ናት፤ ባትኖር ሌላ ሰው መቅጠር ነበረባት። ስለዚህ ያ 5,000 ከኪራዩ እኩል ቋሚ ወጪ ነው።

የብድሩ ወለድም ቀርቷል፤ በወር 1,000 ብር እንያዘው። ሁለቱ ሲጨመሩ ቋሚ ወጪው 19,200 ይሆናል። ለ34 ሲካፈል 565 ብርጭቆ፣ በቀን 22። የሴትዮዋ 20 ብርጭቆ ከዚህ በታች ነው። በወር 520 ብርጭቆ ሸጣ 17,680 ብር ታዋጣለች፤ 1,520 ይጎድላታል።

ከእህቷ የምትበደረው ግን ከዚህም በላይ ነበር፤ ምክንያቱን ከብድር ክፍል ውጭ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። ለተበደረችው 60,000 ብር በሁለት ዓመት የሚመለሰው ዋናው ገንዘብ በወር 2,500 ነው። ዋናው ገንዘብ ወጪ ስላልሆነ በብሬክ ኢቨን ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ከመሳቢያው ግን ይወጣል። የፍሪጁ 1,200 የእርጅና ሂሳብ ደግሞ በተቃራኒው ወጪ ተብሎ ይያዛል እንጂ በየወሩ ለማንም አይከፈልም። ስለዚህ የጥሬ ገንዘቡን ነጥብ ለማወቅ ከ19,200 ላይ 1,200 ቀንሶ 2,500 መጨመር ነው፦ 20,500 ብር። በቀን 24 ብርጭቆ። 22 ላይ ወረቀቱ «አልከሰርሽም» ይላታል፤ የብድሩ ቀን ሲደርስ ግን እጇ ባዶ ነው። ሁለቱንም ቁጥር ያልጻፈ ፕላን ተቀብላችሁ አትፈርሙ።

ሌላው ትልቁ ማታለያ የወቅት ጉዳይ ነው። ፕላኖቹ የሚጻፉት ማንጎው ከሆሞሻና ከባምባሲ በገፍ በሚገባበት ጊዜ ባለው ዋጋ ነው። ማንጎው ሲያልቅና ያለው ጥቂቱ ከሩቅ ተጭኖ ሲመጣ ኪሎው 80 ብር ገባ እንበል። የብርጭቆው ማንጎ 40 ብር ይሆናል፤ ከሌላው 11 ብር ጋር 51። በ60 ብር የሚሸጥ ከሆነ የሚዋጣው 9 ብር ብቻ ነው። 19,200ን ለ9 አካፍሉት፤ 2,134 ብርጭቆ በወር፣ በቀን 83 ይመጣል። ማንጎው ሁለት እጥፍ ከምናምን ጨመረ፤ የሚያስፈልገው ሽያጭ ግን ወደ አራት እጥፍ ተጠጋ። ብሬክ ኢቨን እንዲህ የሚዘልለው የሚካፈልበት ቁጥር በዋጋውና በወጪው መካከል ያለችው ልዩነት ስለሆነች ነው፤ ልዩነቷ በጠበበች ቁጥር እያንዳንዷ ብር ትከብዳለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ የመብራት ታሪፉ በየሦስት ወሩ ሲንቀሳቀስ አይተናል። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ የተሠራ ስሌት ጥቅሙ ለፋይሉ ብቻ ነው።

ሴትዮዋን ዋጋ ጨምሪ አልኳት። በ75 ብር ልዩነቱ 24 ይሆናል፤ 800 ብርጭቆ በወር፣ በቀን 31። «ክረምት ላይ 31 ሰው ቀዝቃዛ ማንጎ አይጠጣም» አለች፤ እውነቷን ነው፤ የአሶሳ ዝናብ ሲይዝ ያ ወንበር ባዶ ነው። ያኔ ከርከዴ አነሳን። እዚህ አገር ከርከዴ በቀዝቃዛም በትኩስም ይጠጣል፤ የደረቀው አበባ ከማንጎ በተለየ ወራት ይቀመጣል፣ አይበሰብስም። አንዱ ብርጭቆ ከነስኳሩ 12 ብር ወጥቶበት በ30 ቢሸጥ 18 ብር ያዋጣል። ከሦስት ደንበኛ ሁለቱ ከርከዴ፣ አንዱ ማንጎ በ75 ብር ቢያዝ፣ የሦስቱ መዋጮ 60 ብር ነው፤ በአማካይ 20። 19,200 ለ20፣ 960 ብርጭቆ፤ በቀን 37። ከነዚህ ውስጥ 25 ያህሉ ከርከዴ መሆን አለባቸው። ድርሻው ከተቀየረ ቁጥሩም ይቀየራል፤ ስለዚህ ስንት እንደተሸጠ ብቻ ሳይሆን ምን እንደተሸጠም መጻፍ ያስፈልጋል።

ደብተር የማይወድ ሰው እንዴት ይቆጥር? ስትሮውን ይቁጠር። ጠዋት በጥቅሉ ውስጥ ያለውን፣ ማታ የቀረውን። ለማንጎና ለከርከዴ የተለያየ ቀለም ከተያዘ ድርሻውም አብሮ ይታወቃል። ከመሳቢያው ብርና ከስትሮው ቁጥር መካከል ልዩነት ከመጣ ወይ በነፃ የተሰጠ ብርጭቆ አለ፣ ወይ ገንዘብ ያለ ስሙ ወጥቷል። ቀኑንም ቁጠሩ። መብራት ጠፍቶ መፍጫው የቆመበት ቀን ከ26ቱ ላይ ይቀነሳል። ስድስት ቀን ከጠፋ የወቅቱ 565 ብርጭቆ በ20 ቀን ውስጥ መሸጥ አለበት፤ በቀን 22 የነበረው 29 ይሆናል። በረመዳን ደግሞ የቀኑ ሽያጭ ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት ይሸሻል፤ ኪራዩ ግን ሰዓቱን አይቀይርም።

በክረምቱ አጋማሽ ሴትዮዋ ተመልሳ «በቀን 28 ነው የምሸጠው፤ 37 አልደረስኩም። ልዝጋው?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ 37 መልስ አይሆንም። ዘግታ ለጥቂት ወር ብትቀመጥ ኪራዩ፣ ጥበቃው፣ ወለዱና የፍሪጁ እርጅና ይቀጥላሉ። የሚቀርላት የሠራተኛዋ 4,000፣ የመብራትና የውኃው 1,500 ነው፤ ሌላ ቦታ ሠርታ ልታገኝ የምትችለው የራሷ 5,000ም አለ። ድምሩ 10,500 ብር። ለ20 ሲካፈል 525 ብርጭቆ፣ በቀን 21። ከ21 በታች ከወረደች መዝጋቱ ይሻላታል። ከ21 በላይና ከ37 በታች እስካለች ድረስ ትከስራለች፤ ብትዘጋ ግን ከዚያ የባሰ ትከስራለች። በ28 ብርጭቆ በወር 14,560 ብር ታዋጣለች፤ ለመክፈት የሚያስፈልጋት 10,500 ነውና ለኪራዩ 4,060 ብር ይተርፋታል። አልዘጋችም። ማንጎው እስኪገባ ድረስ ፕላኑን በሁለት ገጽ አደረግነው፤ አንዱ ለወቅቱ፣ አንዱ ለክረምቱ።