ወጪው ከ20 ሺህ ብር በታች እንደማይወርድ በምን ይታወቃል?

አንድ የከብት መኖ አቀናባሪ ልክ 10 ኩንታል ድብልቅ ታዘዘ እንበል። ድብልቁ ከኑግ ፋጉሎና ከስንዴ ፉርሽካ ይዘጋጃል። ፋጉሎ በኩንታል 4 ሺህ፣ ፉርሽካ 2 ሺህ ብር ነው፤ ቁጥሮቹ ስሌቱ እንዲቀል የተመረጡ ናቸው። አንድ ኩንታል ፋጉሎ 3 መስፈሪያ ፕሮቲን ይሰጣል፣ ፉርሽካ ደግሞ 1፤ ድምሩ ከ18 ማነስ የለበትም። ነጋዴው ዘንድ ያለው ፋጉሎ 7 ኩንታል ብቻ ነው። አቀናባሪው በመጋዘኑ 4 ኩንታል ፉርሽካ አለው፤ ካነሰው ይገዛል፣ ከተረፈው በዚያው ዋጋ ይሸጣል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው ጉዳዩን የሚያከብደው። ፋጉሎው x፣ ፉርሽካው y ይባል። የሚገዛው ፉርሽካ z ከተባለ፣ ሰውየው ሲሸጥ z ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ እንዲህ ያለውን ምልክቱ ያልተገደበ ተለዋዋጭ «ነፃ» ይለዋል። ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም ፕራይማሉ፣ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```
ትንሹ ወጪ:  4x + 2z
x + y  = 10
3x + y ≥ 18
y − z  = 4
x      ≤ 7
x ≥ 0,  y ≥ 0,  z ነፃ
```

መልሱን ማግኘት አይከብድም፤ 4 ኩንታል ፋጉሎ፣ 6 ኩንታል ፉርሽካ፣ ከዚህም ውስጥ 2ቱ የሚገዛ። ወጪው 20 ሺህ ብር ነው። ግን ሌላ ብልህ አቀናባሪ በ19 ሺህ ሊሠራው እንደማይችል ምን ማረጋገጫ አለ?

ማረጋገጫው ከራሳቸው ከገደቦቹ ይወጣል። የመጀመሪያው መስመር በ1፣ ሁለተኛው በ1፣ ሦስተኛው በ−2 ተባዝተው ይደመሩ። y ተጣፍቶ ይወጣል፤ በግራ በኩል የሚቀረው 4x + 2z፣ ማለትም ራሱ ወጪው ነው። በቀኝ በኩል 10 + 18 − 8 = 20 ይመጣል። ስለዚህ ትእዛዙን የሚያሟላ ማንም ሰው ከ20 ሺህ ብር በታች አያወጣም። ዱዋል የሚባለው ሁለተኛው ፕሮግራም ሥራው ይኸው ነው፤ እንዲህ ካሉ ማባዣዎች መካከል ትልቁን ወለል የሚሰጡትን መፈለግ።

የምልክት ሕጎቹ በቃል የሚሸመደዱ ቢመስሉም፣ ሁሉም ከዚህ ድመራ የሚመነጩ ናቸው። እኩልታ በፈለጉት ቁጥር ቢባዛ እኩልታነቱን አያጣም፤ ስለዚህ a እና c የሚባሉት የእኩልታዎቹ ማባዣዎች ነፃ ናቸው። «ከ18 አይነስ» የሚለው ገደብ በኔጌቲቭ ቢባዛ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ማባዣው b ከዜሮ ማነስ አይችልም። «ከ7 አይብለጥ» የሚለው ግን ወለል እንዲሰጥ መገልበጥ አለበት፤ ስለዚህ d ከዜሮ መብለጥ አይችልም።

ተለዋዋጮቹም ድርሻ አላቸው። x ከዜሮ ስለማያንስ፣ በድምሩ ውስጥ ያለው ማባዣው ከ4 ቢያንስም ወለሉ ወለል ሆኖ ይቆያል። የ z ምልክት ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ማባዣው ከ2 በጥቂቱ ቢለይ እንኳ፣ አንድ ጊዜ ሲገዛ፣ ሌላ ጊዜ ሲሸጥ ወለሉ ይናዳል። ስለዚህ በነፃ ተለዋዋጭ አንጻር የሚቆመው የዱዋል ገደብ እኩልታ ይሆናል፦

```
ትልቁ ወለል:  10a + 18b + 4c + 7d
a + 3b + d ≤ 4     (የ x)
a + b + c  ≤ 0     (የ y)
−c         = 2     (የ z)
b ≥ 0,  d ≤ 0,  a እና c ነፃ
```

መልሱ a = 1፣ b = 1፣ c = −2፣ d = 0 ነው። ቁጥሮቹ ትርጉም አላቸው። ገዢው የፕሮቲኑን ልክ ከ18 ወደ 19 ቢያሳድገው ወጪው 21 ሺህ ይሆናል፤ የ b አንድነት ይህ ነው። c ኔጌቲቭ የሆነው መጋዘን ውስጥ አንድ ኩንታል ፉርሽካ ቢጨመር 2 ሺህ ብር ስለሚያድን ነው። d ዜሮ የሆነው ደግሞ የነጋዴው ፋጉሎ ስላላለቀ ነው።

የዱዋልን ሐሳብ ለጆርጅ ዳንትዚግ መጀመሪያ ያስረዳው ጆን ፎን ኖይማን ነበር፤ በጥቅምት 1947 (እ.ኤ.አ.) ፕሪንስተን ላይ ሲገናኙ።

ስህተት የሚበዛው በነፃዎቹ ዙሪያ ነው። አንድ ተማሪ ከልማድ c ≥ 0 ብሎ ቢጽፍ፣ −c = 2 ከሚለው ጋር ይጋጭና ዱዋሉ ጨርሶ መፍትሔ ያጣል። ፕራይማሉ ግን 20 የሚል መልስ አለው፤ ሁለቱ አብረው ሊሆኑ ስለማይችሉ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል።

አደገኛው ሌላው ነው። −c = 2 በሚለው ፈንታ −c ≤ 2 የጻፈ ሰው አሁንም 20 ያገኛል፤ በዚህ ምሳሌ z ፖዘቲቭ ስለሆነ ስህተቱ ተደብቋል። መጋዘኑ ውስጥ 4 ሳይሆን 8 ኩንታል ፉርሽካ ቢኖር አቀናባሪው 2 ኩንታል ይሸጣል፣ ወጪውም 12 ሺህ ይሆናል። ትክክለኛው ዱዋልም 12 ይሰጣል። የተሳሳተው ግን ያለ ማቆሚያ ያድጋል። ስለዚህ ዱዋል የሠራ ሰው ሁለቱ መልሶች እኩል መሆናቸውን ብቻ አይቶ አይለፍ፤ ነፃው ተለዋዋጭ ከዜሮ በታች በሚወርድበት ቁጥርም ይፈትነው።